ስንት ከረጢት ማጣበቂያ፣ ስንት ኪሎ ግራውት? ከመለሰኛው ጥርስ የሚነሣ ሒሳብ

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የአንዲት እናት ሳሎን ሴራሚክ ስናነጥፍ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማጣበቂያ አለቀብን። ከ10 ረድፍ ገና 4ቱን ነበር የጨረስነው።

«እትዬ፣ ማጣበቂያው አልቋል» አልኳቸው።

«እንዴት ተደርጎ? ባለሱቁ 4 ከረጢት ይበቃሻል ብሎኝ! ልጄ፣ ብዙ እያፈሰሳችሁ እንዳይሆን።»

አላፈሰስንም። ባለሱቁም አልዋሸም፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበላቸው። «25 ኪሎ፣ ከ7 እስከ 8 ካሬ ሜትር ይሸፍናል» ይላል። ሳሎኑ 27 ካሬ ስለሚጠጋ 4 ከረጢት አስገዛቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥራውን ስረከብ ያን ቁጥር መጠየቅና ራሴ ማስላት ነበረብኝ። በመጨረሻ ያ ሳሎን የበላው 11 ከረጢት ነው።

4 እና 11 እንዲህ የተራራቁበትን ምክንያት ካወቃችሁ ከእንግዲህ ማንም «ይበቃል» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትገዙም። ስለዚህ የእሳቸውን ሳሎን ይዤ ሒሳቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እንሥራው። የምናወራው በከረጢት ስለሚሸጠው፣ በውሃ ተበጥብጦ በስሱ ስለሚቀባው የሴራሚክ ማጣበቂያ ነው። 3 እና 4 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ አንጥፎ ላዩ ላይ ሴራሚክ ማስቀመጥ ሌላ አሠራር ነው፤ ይህ ሒሳብ ለእሱ አይሆንም።

መጀመሪያ ጥርሱን ለኩ

ማጣበቂያ የሚቀባበት ጥርሳም መለሰኛ ሁለት ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣ። ጥርሶቹ 4 ማዕዘን ናቸው። የ10 ሚሊ ሜትር መለሰኛ ሲባል የጥርሱ ጥልቀት 10፣ ስፋቱ 10፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተትም 10 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መለሰኛ ስታበጥሩ ጥርሱ ባለፈበት ወለሉ ባዶ ይቀራል። ጥርስ በሌለበት ደግሞ ማጣበቂያው እንደ እርሻ ትልም ጉብ ብሎ ይቆማል። ግማሹ ትልም፣ ግማሹ ባዶ ነው።

ሒሳቡ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሴራሚኩን አስቀምጣችሁ ስትጫኑት ትልሞቹ ይደፈጠጡና ባዶውን ይሞላሉ። ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ትልም ሲተኛ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ8ቱ 4፣ የ6ቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጥርሱን ጥልቀት ለሁለት ማካፈል ነው።

ነገር ግን መለሰኛውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው የለም፤ እጅ ዘንበል ያደርገዋል። ዘንበል ሲል ትልሙም ያጥራል። ወለሉን መነሻ አድርገን 60 ዲግሪ ያህል ከተያዘ የትልሙ ከፍታ ወደ 85 በመቶ ይወርዳል። ያኔ የ10ሩ መለሰኛ የሚተወው 5 ሳይሆን 4.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በ45 ዲግሪ 3.5 ይሆናል። በ30 ዲግሪ፣ ማለትም መለሰኛው ሊተኛ ሲደርስ፣ 2.5 ብቻ ይቀራል። መለሰኛው ያው፣ ሠራተኛው ያው፣ ማጣበቂያው ግን በግማሽ ቀንሷል። ከሰዓት በኋላ እጅ ሲደክም የሚሆነው ይህ ነው። ጠዋት የተነጠፈው ጥብቅ ብሎ ይይዛል፣ ማታ የተነጠፈው ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

አሁን ውፍረቱን ወደ ኪሎ እንለውጠው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለመሥራት 1.3 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ገደማ ይፈልጋል። እንደ ምርቱ 1.2 ወይም 1.5 ሊሆን ይችላል። ከረጢቱ ላይ «በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት» የሚል ቁጥር ካለ የእሱን ውሰዱ፤ ከሌለ 1.3 ይሠራል።

ሦስቱን አባዙ። ግማሽ ሲባዛ 0.85፣ ሲባዛ 1.3፣ 0.55 ይሰጣል። ስለዚህ በቃል የሚያዘው ሕግ ይህ ነው፦ የጥርሱን ጥልቀት በሚሊ ሜትር ወስዳችሁ በ0.55 ብታባዙት ለአንድ ካሬ ሜትር የሚያስፈልገውን ኪሎ ታገኛላችሁ። የ6ቱ መለሰኛ 3.3 ኪሎ፣ የ8ቱ 4.4 ኪሎ፣ የ10ሩ 5.5 ኪሎ ይበላል።

የእትዬ ከረጢት ምሥጢር አሁን ይፈታል። 25 ኪሎን ለ3.3 ብታካፍሉት 7.6 ካሬ ይመጣል። «ከ7 እስከ 8 ካሬ» ያለው ጽሑፍ የታሰበው በ6 ሚሊ ሜትር ጥርስ፣ ፍጹም ለጥ ባለ ወለል ላይ ነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ የምናነጥፈው 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሴራሚክ ነበር። እሱን በ6 ጥርስ ማንጠፍ አይቻልም።

ጥርሱን ለኩ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ሊሾ ወለል ላይ ከወር እስከ ወር የተፋቀ ብረት ይበላል። አንድ ቀን የልጆቹን መለሰኛ ሰብስቤ በማስመሪያ ብለካ «10» ብለን የምንጠራው አንዱ 8 ሆኖ አገኘሁት። በየካሬው 1.1 ኪሎ እየጎደለ ነበር ማለት ነው። ማጣበቂያ «ተረፈ» ብለን የተደሰትንባቸው ሳሎኖች ትዝ አሉኝና ደስታዬ ጠፋ።

የትኛው ሴራሚክ፣ የትኛው ጥርስ?

ሴራሚኩ ሲሰፋ ጥርሱም ይጠልቃል። ሰፊ ሴራሚክ ትንሽ ስለሚጎብጥ፣ ወለሉም በዚያ ስፋት ውስጥ እኩል ስለማይሆን ከሥሩ በቂ ማጣበቂያ ከሌለ የሆነ ቦታ አይነካም። እኔ የምሠራበት ልክ እንዲህ ነው። ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ለ20 በ30 የ6ቱን፣ ከ30 በ30 እስከ 40 በ40 ወለል የ8ቱን፣ ለ60 በ60 የ10ሩን እወስዳለሁ። ለ60 በ60 የሴራሚኩን ጀርባ ጭምር በመለሰኛው ለስላሳ ጎን በስሱ እቀባለሁ። ጀርባውን መቀባት በካሬ 1 ኪሎ ያህል ይጨምራል።

ይህ ግን መነሻ ነው፣ ፈራጁ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ሴራሚክ አስቀምጡ፣ ተጫኑት፣ ትልሙን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ትንሽ አንሸራትቱት። ከዚያ በመለሰኛ ጫፍ ፈልቅቃችሁ አንሡትና ገልብጡት። ጀርባው ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። አንደኛው እንደ ደብተር መስመር የተሰለፈ ግራጫ ሰረዝና በመካከሉ ንጹሕ የሴራሚክ ጀርባ ነው። ያ ማለት ትልሙ አልተደፈጠጠም ወይም አይበቃም። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ግራጫ የሆነ፣ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ የቀረው ጀርባ ነው። የምትፈልጉት ይህን ነው። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ቢያንስ 80 በመቶው፣ ውሃ ለሚነካው መታጠቢያ ቤትና ለውጭ በረንዳ 95 በመቶው መሸፈን አለበት። ማዕዘኖቹ ደግሞ የግድ ናቸው።

ካልሞላ መልሱ ማንጠፉን መቀጠል ሳይሆን አንድ ደረጃ የጠለቀ ጥርስ መውሰድ ነው። ያኔ ሒሳባችሁም ይቀየራል። ለዚህ ነው ሙከራውን ሙሉውን ማጣበቂያ ከመግዛታችሁ በፊት በአንድ ከረጢት አድርጉት የምለው።

ባዶ የቀረ ማዕዘን ምን ያመጣል? በእኛ ቤት ቡና የሚወቀጠው ወለል ላይ ነው። ሙቀጫው ባዶ ማዕዘን ላይ ካረፈ ሴራሚኩ በሳምንትም በዓመትም አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሁልጊዜ ከማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ይሄዳል። ይህን ባየሁ ቁጥር ከሥር ምን እንዳለ ሳልፈለቅቅ አውቀዋለሁ።

ትልሞቹን ቀጥ አድርጋችሁ በአንድ አቅጣጫ አበጥሩ። እንደ እንጀራ ምጣድ ክብ ክብ እየሠራ የሚያበጥር ሰው አየሩን ከመካከል አስሮ ያስቀረዋል። ቀጥ ያለ ትልም ግን አየሩን ከዳር እስከ ዳር አሳልፎ ያስወጣዋል።

ወለሉ የሚበላው

የእትዬን ሳሎን ከ4 ወደ 11 ከረጢት የወሰደው ጥርሱ ብቻ አይደለም። ወለሉም ነው።

የጎንደር አብያተ መንግሥት ድንጋዮች በኖራ ነው የተያያዙት። ኖራው ወፈር ብሎ ስለሚገባ የድንጋዩን ጎባጣነት ሁሉ ይውጠዋል። የከረጢት ማጣበቂያ እንደዚያ አይደለም። ስስ ሆኖ እንዲሠራ የተቀመመ ነው። አወፍራችሁ ስታፈሱት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሴራሚኩንም ወደ ታች ይስበዋል። ብዙዎቹ ምርቶች ከረጢታቸው ላይ ከፍተኛውን ውፍረት ይጽፋሉ፤ እሱን አትለፉ። ዋጋውም ከሲሚንቶና ከአሸዋ ድብልቅ እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ወለሉን ለኩ። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ውሰዱና ወለሉ ላይ አጋድሙት። ዘንጉ በጉብታዎቹ ላይ ያርፋል። ከሥሩ የሚታየውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩና ጻፉ። ዘንጉን ሜትር በሜትር እያዛወራችሁ 20 ያህል ቦታ ለኩ። ከዚያ ሁሉንም ደምራችሁ ለብዛታቸው አካፍሉ። በእትዬ ሳሎን አንዳንዱ ቦታ ዜሮ ነበር። በመስኮቱ በኩል 4 ሚሊ ሜትር ደረሰ። አማካዩ 1.5 ሚሊ ሜትር ሆነ።

1.5 ትንሽ ይመስላል። በ1.3 ስታባዙት ግን በካሬ 1.95 ኪሎ ነው። ለ27 ካሬ ከ50 ኪሎ በላይ፣ ማለትም ከሁለት ከረጢት የሚበልጥ ማጣበቂያ ጉድጓድ ለመሙላት ብቻ ይሄዳል። እኔ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው የለካሁት፤ ጊዜም አልነበረኝም። ጊዜ ካላችሁ ግን ዝቅ ያሉትን ቦታዎች አስቀድማችሁ ሙሉና እንዲደርቁ ተዉአቸው። የምትሞሉበትን ለዚያ ውፍረት የሚሆነውን ምረጡ። 3 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ሲሚንቶና አሸዋ ቢገባ ይላጣል። ለእሱ ወለል ማስተካከያ ዱቄት ወይም ራሱን ማጣበቂያውን ከአንድ ቀን በፊት በለስላሳው ጎን መቀባት ይሻላል። ሲሚንቶና አሸዋ ለ2 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው።

ሳሎኑን እንሥራው

ሳሎኑ 4.80 በ5.60 ሜትር ነው። ሲባዛ 26.88 ካሬ ሜትር። ሴራሚኩ 60 በ60፣ መለሰኛው 10፣ ወለሉ አማካይ ክፍተቱ 1.5 ሚሊ ሜትር።

ከትልሙ እንጀምር። 26.88 በ5.5 ሲባዛ 148 ኪሎ ይሰጣል። ጀርባውን ለመቀባት በካሬ 1 ኪሎ፣ 27 ኪሎ ጨምሩ። ወለሉ የሚበላው በካሬ 1.95፣ ማለትም 52 ኪሎ ነው። እስካሁን 227 ኪሎ ደረስን።

አሁን ሁሉም ሰው የሚረሳው፣ በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚለጠፈው ዞኮሎ አለ። የሳሎኑ ዙሪያ 20.8 ሜትር ነው። በሩን 90 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ፣ 19.9 ይቀራል። ዞኮሎው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው 2 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በ6ቱ መለሰኛ ከተቀባ 7 ኪሎ አካባቢ ይወስዳል። ድምሩ 234 ኪሎ ሆነ።

በመጨረሻ ብክነት አለ። ባልዲ ላይ የሚደርቀው፣ ከዳር የሚፋቀው፣ በስህተት ተነሥቶ እንደገና የሚነጠፈው ማለት ነው። 10 በመቶ ስጨምርበት 257 ኪሎ ሆነ። በ25 ኪሎ ከረጢት 11፣ በ20 ኪሎ ከረጢት 13 ነው። ከረጢቱን ስትገዙ ኪሎውን አንብቡ። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ስለሚሸጥ ሰው በልማድ ከረጢቱን ሁሉ «ኩንታል» ይልና በኋላ ሒሳቡ ይምታታበታል።

ወለሉ አስቀድሞ ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ 52ቱ ኪሎ ይቀር ነበር። ከብክነቱ ጋር 200 ኪሎ፣ 8 ከረጢት ልክ ይሆናል። ሦስት ከረጢት የተከፈለው ለጉድጓድ ነው።

ስልካችሁ ላይ የሒሳብ ሠንጠረዥ ካላችሁ ይህን አስገቡ። `A1` የጥርሱ ጥልቀት፣ `B1` የወለሉ አማካይ ክፍተት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር፤ `C1` የወለሉ ስፋት በካሬ ሜትር ነው።

```
=(A1*0.55+B1*1.3+1)*C1*1.1
```

መካከል ያለችው 1 ጀርባ የሚቀባበት ናት። ጀርባ የማትቀቡ ከሆነ አውጧት። ዞኮሎውን ለብቻው አስልታችሁ ጨምሩ።

ብክነቱን 10 ያልኩት ለቤት ውስጥ ነው። ለበረንዳ ይለያል፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ግንቦት። የጎንደር የበጋ ፀሐይና ነፋስ የተበጠረውን ትልም ላዩን ቶሎ ያደርቀዋል። ከውስጥ እርጥብ ነው፣ ከላይ ግን ቆዳ ሠርቷል፤ እንዲህ ያለው ማጣበቂያ አይዝም። በጣታችሁ ንኩት። ጣት ላይ ከተለጠፈ ጥሩ ነው። ጣታችሁ ንጹሕ ሆኖ ከተመለሰ ፍቃችሁ ጣሉት፤ ውሃ ረጭታችሁ ልታድኑት አትሞክሩ። ስለዚህ በረንዳ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሴራሚክ የሚበቃ ብቻ አበጥሩ፣ ጥላ ሥሩ፣ ብክነቱንም 15 በመቶ ያዙ።

ከመጀመሪያው ከረጢት የሚገኝ ማረጋገጫ

ሒሳቡ ትክክል መሆኑን ለማወቅ እስከ ማታ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ከረጢት በጥብጡ፣ አንጥፉ፣ ሲያልቅ ሴራሚኩን ቁጠሩ።

60 በ60 ሴራሚክ አንዱ 0.36 ካሬ ነው። ለጥ ባለ ወለል፣ በ10 ጥርስ፣ ጀርባው ተቀብቶ በካሬ 6.5 ኪሎ ይሄዳል። 25 ኪሎ ከረጢት 3.85 ካሬ፣ ማለትም 10 ወይም 11 ሴራሚክ ማንጠፍ አለበት። በእትዬ ሳሎን ወለሉ ስለተጨመረበት በካሬ 8.45 ኪሎ ነበር፤ 8 ሴራሚክ ገደማ መሆን አለበት። እኛም ከአራቱ ከረጢት ያነጠፍነው 33 ነበር። ልክ ነው።

ከአንድ ከረጢት 6 ብቻ ከወጣ ወለሉ ካሰባችሁት በላይ ጎድጉዷል ወይም ማጣበቂያው ሳይበጠር እየተቆለለ ነው። የሚያስፈራው ግን ተቃራኒው ነው። 15 ሴራሚክ ከወጣ ደስ አይበላችሁ። በካሬ 4.6 ኪሎ ብቻ ገብቷል ማለት ነው። ጥርሱ ተበልቷል፣ መለሰኛው ተኝቷል ወይም ጀርባው አልተቀባም። ከነዚያ 15 አንዱን ሳይደርቅ አንሥታችሁ ገልብጡ።

ግራውቱ ሌላ ሒሳብ ነው

ማጣበቂያ በጥርስና በወለል ይወሰናል። በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ግራውት ግን ጥርሱን አያውቀውም። እሱን የሚወስኑት የሴራሚኩ ርዝመትና ወርድ፣ የሴራሚኩ ውፍረት እና የክፍተቱ ስፋት ናቸው።

ነገሩን በዓይነ ሕሊና ማየት ይቻላል። ክፍተቱ ጠባብ ቦይ ነው። ስፋቱ በሴራሚኮቹ መካከል የሚገባው የፕላስቲክ መስቀል ልክ ነው፣ ጥልቀቱ የሴራሚኩ ውፍረት። አንድ ካሬ ውስጥ ስንት ሜትር ቦይ እንዳለ ካወቅን የሚሞላውንም እናውቃለን። ሴራሚኩ ሲያንስ ቦዩ ይበዛል። ርዝመትና ወርዱን ደምራችሁ ለብዜታቸው ስታካፍሉ የምታገኙት ይህን የቦይ ብዛት ነው። በውፍረቱና በክፍተቱ ስታባዙት ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ቦይ ለመሙላት 1.6 ኪሎ ያህል የሲሚንቶ ግራውት ዱቄት ይገባል። ሁሉም ልኬት በሚሊ ሜትር ይሁን።

```
=(A1+B1)/(A1*B1)*C1*D1*1.6
```

`A1` ርዝመት፣ `B1` ወርድ፣ `C1` ውፍረት፣ `D1` ክፍተት። መልሱ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚያስፈልግ ኪሎ ነው።

ሳሎኑን እናስገባው። 600 እና 600 ሲደመር 1,200፣ ሲባዛ 360,000፤ ሲካፈል 0.00333። ሴራሚኩ 9 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ክፍተቱ 3 ነው። 9 በ3 ሲባዛ 27፤ 0.00333 በ27 ሲባዛ 0.09 ሊትር። በ1.6 ሲባዛ በካሬ 0.144 ኪሎ። ለ26.88 ካሬ 3.9 ኪሎ ገደማ ነው። ከሚፋቀውና ከሚታጠበው ጋር 5 ኪሎ ገዛን፤ ጥቂት ተረፈ። የተረፈውን ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት አልኳቸው እትዬን፣ ኋላ አንድ ሴራሚክ ቢቀየር ቀለሙ እንዲመሳሰል።

አሁን መታጠቢያ ቤቱን ተመልከቱ። ወለሉ 30 በ30፣ ውፍረቱ 8፣ ክፍተቱ ያው 3 ነው። መልሱ በካሬ 0.256 ኪሎ ይሆናል። 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነች፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ትንሽ ሞዛይክ ብትሆን ደግሞ በካሬ 0.96 ኪሎ። ከሳሎኑ ወደ 7 እጥፍ ማለት ነው። «ለሳሎን 5 ኪሎ ከበቃ ለዚህች ትንሽ መታጠቢያ ቤት 1 ኪሎ ይበቃል» የሚል ሰው ሞዛይክ ላይ የሚያጥረው ለዚህ ነው።

የክፍተቱ ስፋት ደግሞ በቀጥታ ይሠራል። 3 የነበረው 6 ቢሆን ግራውቱ ልክ እጥፍ ነው። መስቀሉ 3 ስለሆነ ክፍተቱም 3 ነው ብላችሁ ግን አትመኑ። ሳጥኑ 60 ቢልም ሴራሚኩን ራሱን በሜትር ለኩት። ከነጠፋችሁ በኋላ ደግሞ 5 ሴራሚክ ከ5 ክፍተት ጋር በአንድ ላይ ለኩ። 3,020 ሚሊ ሜትር ከመጣና ሴራሚኩ እውነተኛ 600 ከሆነ፣ የተረፈው 20 ለ5 ሲካፈል ክፍተቱ 4 ነው። ግራውቱ በአንድ ሦስተኛ ጨመረ።

ግራውት የሚያንስበት ሌላ መንገድም አለ፤ እሱ ግን መጥፎ ነው። ሴራሚኩ ሲጫን ማጣበቂያው ወደ ላይ ተገፍቶ ቦዩን ይሞላዋል። ሳይደርቅ ካልተፋቀ ግራውቱ የሚገባበት ጥልቀት ያጣል። 9 ሚሊ ሜትር ቦይ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ክፍት ሆኖ ይቀርና ላዩን እንደ ቀለም ይቀባል። በጥቂት ወራት መጥረጊያው ራሱ እያነሣ ያወጣዋል። ካልተነሣም ቀለሙ ዥንጉርጉር ይሆናል፤ ጥልቅ የሆነው ቦታ አንድ ዓይነት፣ ስስ የሆነው ሌላ። ስለዚህ በየሴራሚኩ መካከል ያለውን ማጣበቂያ ገና እርጥብ ሳለ በቀጭን እንጨት ጫሩ። ቢያንስ ከጥልቀቱ ሁለት ሦስተኛው ባዶ መሆን አለበት። 5 ኪሎ ያሰላችሁለት ሳሎን 2 ኪሎ ብቻ ከወሰደ የሆነው ይህ ነው።

ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት ዙሪያ ግራውት አትሙሉ። እዚያ ወለሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይፈልጋል። ባዶውን ትታችሁ በዞኮሎ ሸፍኑት፤ መታጠቢያ ቤት ከሆነ ደግሞ በሲሊኮን ዝጉት።

ግራውቱን በአንድ ጊዜ ግዙ፣ ከረጢቶቹ ላይ የታተመው የምርት ቁጥርም አንድ ይሁን። ማጣበቂያ ቢያንስ ሌላ ከረጢት በባጃጅ ተልኮ ይመጣል፣ ከሥር ስለሆነ አይታይም። ግራውት ግን ከሌላ ምርት ቁጥር ሲመጣ ግራጫው ሌላ ግራጫ ነው። ሳሎን መካከል ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል።

የእትዬ ሳሎን በማግስቱ 7 ከረጢት ተጨምሮ አለቀ። ግራውቱን ከመሙላታችን በፊት በእንጨት እጀታ ሴራሚኩን አንድ በአንድ አንኳኳሁት። ሁለት ብቻ ባዶ ድምፅ ሰጡ፣ ሁለቱም በበሩ በኩል፣ ፀሐይ በምትገባበት። አንሥተን ከሥር የደረቀውን ፈቅፍቀን እንደገና አነጠፍናቸው። እትዬ ቆመው ሲያዩ ነበር። «ሙቀጫዬን የማስቀምጠው እኮ እዚህ ነው» አሉኝ።